ምድጃው ስንት ይሸጥ? አዲስ ምርት ገበያ ሲገባ ዋጋው እንዴት ይወጣል

(አዲስ አበባ ውስጥ ለአነስተኛ አምራቾች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ አነጋገሩን ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጎሽ። እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለና ቆማችሁ የምትሰሙ ኑ ተቀመጡ፣ እኔ ጥያቄ እየጠራሁ አላስመልስም፣ አትፍሩ።

አዘጋጆቹ ስለ ዋጋ አወጣጥ ተናገር ብለውኛል። በተለይ አዲስ ምርት ይዛችሁ ስትወጡ። በትምህርት ቤት ሦስት መንገድ ብለው ያስተምሩናል። አንደኛው ኮስት ፕላስ ነው፤ ወጪን ደምሮ ትርፍ መጨመር። ሁለተኛው ቫሊዩ ቤዝድ፤ ገዢው በሚያገኘው ጥቅም ልክ መተመን። ሦስተኛው ፔኔትሬሽን፤ በርካሽ ገብቶ ገበያውን መያዝ። ሦስቱን በትርጉም ብደረድርላችሁ ሻይ ሳይመጣ ታንቀላፋላችሁ። ስለዚህ አንድ ዕቃ እንያዝና ሦስቱንም በእሱ ላይ እንሞክር።

ዕቃው የከሰል ምድጃ ነው። የማውቃቸው ልጆች ናቸው የሠሩት፣ ስማቸውን አልጠራም። ላቀች የሚባለውን ምድጃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አይደል? ከውጭ ላሜራ፣ ከውስጥ ሸክላ። ልጆቹ ሸክላውን ወፈር አደረጉት፣ ከታች ደግሞ አየር የሚቆጣጠር ተንሸራታች በር አስገቡለት። ጥሩ ምድጃ ነው። ሠርተው ጨረሱና «ስንት እንበለው?» ብለው መጡ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ የእናንተ ወጪ ሌላ ይሆናል፣ መንገዱን ተከተሉ።

እሺ፣ ከኮስት ፕላስ እንጀምር።

ለአንድ ምድጃ ላሜራ 310 ብር፣ ሸክላ 120፣ ለሠራተኛ በፍሬ የሚከፈል 150፣ ቀለምና ብሎን 40፣ ማጓጓዣ 30። ድምር 650 ብር። ይሄ አንድ ምድጃ በተሠራ ቁጥር የሚወጣ ነው። ካልሠራችሁ አይወጣም። ከዚህ ሌላ ደግሞ ብትሠሩም ባትሠሩም በየወሩ የሚወጣ አለ። የወርክሾፕ ኪራይ፣ የጥበቃ፣ የወር ደመወዝተኛ፣ መብራት፣ የብየዳ ማሽኑ እርጅና። ይሄ በወር 80,000 ብር።

ልጆቹ «በወር 400 እንሸጣለን» አሉ። 80,000ን ለ400 ስታካፍሉት 200 ብር ይደርሳል። 650 ሲደመር 200፣ 850። ሃያ በመቶ ትርፍ ጨመሩ፣ 1,020 ብር። አለቀ። በአንድ ወረቀት አለቀ። ለዚህ ነው ሰው የሚወደው።

አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። 400 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

(ሳቅ)

ከየትም አልመጣም። ተመኙት። ገበያ ወጡና 200 ብቻ ተሸጠ እንበል። ያው 80,000 አሁን ለ200 ነው የሚካፈለው፤ የአንዱ ምድጃ ድርሻ 400 ይሆናል፤ ወጪው 1,050 ይሆናል። ሃያ በመቶ ስትጨምሩ 1,260። ምን ሆነ? ምድጃው አልሸጥ ስላለ ዋጋው ጨመረ! ገዢ ሲጠፋ ዋጋ የሚጨምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1,260 ደግሞ 100 ብቻ ይሸጣል፤ እንደገና ስትሠሩት 1,740 ይወጣል። እንዲህ እየተባለ ወርክሾፕ ይዘጋል። ሒሳቡ ስህተት የለበትም፣ እያንዳንዱ መስመር ልክ ነው። ችግሩ ዋጋውን ለማውጣት የሽያጩ ብዛት ያስፈልጋል፤ የሽያጩን ብዛት ለማወቅ ደግሞ ዋጋው ያስፈልጋል። ለቆየ ምርት ያለፈው ዓመት ደረሰኝ አለላችሁ። ለአዲስ ምርት ምንም የለም። ኮስት ፕላስ በአዲስ ምርት ላይ የሚያነክሰው እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ይጣል? የለም፣ አይጣልም። 650 የሚለውን ቁጥር በደንብ ያዙት፣ ከእሱ በታች ከወረዳችሁ እያንዳንዱ ምድጃ ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ የምትሰጡት ነው። ብቻ ያ 650 የትኛው 650 ነው? የዛሬው ነው የነገው?

አጎቴ ደሴ ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ማጠፊያ። እኔ ክረምት ክረምት እዚያ ነበር የምውለው። አንድ ደንበኛ «ጋሼ፣ ይሄን ቆርቆሮ በስንት አስገብተኸው ነው እንዲህ የምትለኝ?» ሲለው «ያስገባሁበትን ተወው፣ ነገ የማስገባበትን ጠይቀኝ» ይል ነበር። ደንበኛው ይስቃል፣ አንዳንዱም ይናደዳል። አጎቴ ግን ሸጦ በሸጠበት ገንዘብ መደርደሪያውን መልሶ መሙላት መቻል አለበት፤ ካልቻለ ትርፍ አገኘሁ እያለ ሱቁ እየሳሳ ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ይሄ ነገር ስንቱን እንደያዘው ታስታውሳላችሁ። በድሮ ዋጋ የገዛውን ላሜራ በድሮ ሒሳብ ሠርቶ ሸጠ፣ ደስ አለው፣ ከዚያ መርካቶ ሲሄድ በዚያ ገንዘብ ያንኑ ያህል ላሜራ አልመጣለትም። ስለዚህ 650ን ላሜራ በገዛችሁ ቁጥር አድሱት።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ። 1,020 ገዢው የሚከፍለው አይደለም። ባለሱቁ የራሱን 130 ብር ይጨምራል፣ 1,150 ይሆናል። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 15 በመቶ ይመጣበታል፣ ከ1,300 ብር በላይ ሆነ። ገዢዋ የምታየው እሱን ነው። እናንተ «ሺህ ብር ነው እኮ» ትላላችሁ፣ እሷ ሺህ ሦስት መቶ ነው የምትሰማው።

ወደ ሁለተኛው። አሁን ወረቀቱን ገልብጡት። ስለ እኛ ወጪ እንርሳ። ምድጃው ለገዢው ስንት ያተርፍለታል? ቫሊዩ ቤዝድ ማለት ይሄው ነው። ግን ጥያቄው ብቻውን አይቆምም። ያተርፍለታል ከምን አንጻር? ዛሬ ከሚጠቀምበት አንጻር። ልጆቹ «ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እኮ ግማሽ ይቆጥባል» አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰል በጉልቻ የሚያነድ ማን ነው? ማንም። ገዢያችሁ ዛሬ በእጁ ያለውን ነው የሚያነጻጽረው።

እናም ለማን እንደሚሸጥ ለይተን ጀመርን። አንደኛዋ ሴት ቤቷ መብራት አለ፣ የምታበስለው በኤሌክትሪክ ነው፣ ከሰል የምታወጣው ለቡናና መብራት ሲጠፋ ነው። በወር ለከሰል 500 ብር ታወጣለች እንበል። ምድጃው ሩቡን ቢቆጥብላት 125 ብር ነው። ሁለተኛዋ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ናት። ከጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ እሳቱ አይጠፋም። በቀን የ150 ብር ከሰል ታነዳለች። ሩቡ 37 ብር ነው፤ በቀን! ወሩን 26 ቀን ብትሠራ ከ950 ብር በላይ።

አያችሁ? ያው ምድጃ ነው። ያው ላሜራ፣ ያው ሸክላ። ለአንዷ በወር 125፣ ለሌላዋ 950። ኮስት ፕላስ ይሄን ልዩነት በፍጹም አያሳያችሁም፤ ለሁለቱም 1,020 ነው የሚላችሁ።

«ሩቡን ይቆጥባል» የሚለውን ማን አለው? ልትሉኝ ይገባል። ልጆቹ ናቸው ያሉት። የሠራው ሰው ሲናገር ግማሹን ቀንሱ፤ ስለዚህ ሄደን መዘንን። ቡና ሻጮቹ ጋ። አንዷን አልረሳትም። ጠዋት የምታነደውን ከሰል በፌስታል አድርገን በምንጠለጥላት ትንሽ ሚዛን እንመዝናለን፣ ማታ የተረፈውን እንመዝናለን። መጀመሪያ አንድ ሳምንት በራሷ ምድጃ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት በአዲሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አዲሱ ምድጃ ምንም አልቆጠበም! ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት። ከሰሉን እንደለመደችው እያፈሰች ትሞላዋለች፣ የታችኛውን በር ከፍታ ትተወዋለች። እንግዳ ሲመጣ ታራግባለች። «እናቴ፣ ጀበናው ከገነፈለ በኋላ በሩን ዝጊው» አልናት። ዘጋችው። በሦስተኛው ቀን የተረፈው ከሰል ፌስታሉን ሞላው። እሷ ሚዛኑን አላየችም፣ ፌስታሉን ነው ያየችው።

መመዘን ካሰባችሁ ሁለቱም ሳምንት በአንድ ወቅት ይሁን። ክረምት ከሰል እርጥበት ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይለያል። አንዱን ሳምንት በሐምሌ፣ ሌላውን በጥቅምት መዝናችሁ ብታወዳድሩ የለካችሁት ዝናቡን ነው።

ሌላም አገኘን። ላቀች ያላቸው ቡና ሻጮች ነበሩ። እነሱ ጋ ቁጠባው ሩብ አልሆነም፣ አንድ አስረኛ ገደማ ነው። በቀን 15 ብር። ስለዚህ ቡና ሻጭ ሁሉ ገዢ አይደለም፤ ገዢያችን ሸክላ የሌለው ተራ የቆርቆሮ ምድጃ ያላት ናት።

እንግዲህ ዋጋ። የቆርቆሮ ምድጃ ላላት ሴት ምድጃው በዓመት ከ11,000 ብር በላይ ይቆጥባል። 11,000 እንበላት? አትገዛም። ለምን ትግዛ? ጥቅሙን ሁሉ እናንተ ከወሰዳችሁ እሷ ምን ቀራት? ደግሞ ቁጠባው ነገ ነው፣ ገንዘቡ ዛሬ ነው የሚወጣው፣ ምድጃው ዓመት ይቆይ አይቆይ አታውቅም። በእኛ አገር ገዢ የሚጠይቀው «በስንት ቀን ይመልስልኛል?» ነው። 1,500 ብር ብንለው፣ ከቫት ጋር ከኪሷ 1,725 ይወጣል። በቀን 37 ብር ስትቆጥብ በ47 የሥራ ቀን ገደማ መለሰችው። ሁለት ወር አይሞላም። ይሄ ይሸጣል። መብራት ላላት የቤት እመቤት ግን አስራ አራት ወር ገደማ ነው የሚወስደው። እሷን ተዉአት! በዚህ ዋጋ የእናንተ ገዢ አይደለችም፣ ማስታወቂያም አታባክኑባት።

1,725 ብር በአንዴ የላትም ልትሉኝ ነው። እውነት ነው። ቡና ሻጭ ጥቅሙ ገብቷትም ጥሬ ገንዘብ ላይኖራት ይችላል። ግን የቀን ዕቁብ የማይጥል ቡና ሻጭ አሳዩኝ። ልጆቹ ምድጃውን ለአንድ ሳምንት በነጻ ያስቀምጡላታል፣ ካልወደደችው ይወስዱታል፣ ከወደደችው ግማሹን ትከፍልና ቀሪው በሳምንት በሳምንት። ዋጋውን ሳይነኩ የመግዣውን መንገድ አቀለሉላት። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ውድ ነው» ሲባል ወዲያው ዋጋ ይቀንሳል፤ ሴትየዋ ግን ያለችው «አሁን የለኝም» ነው።

ቀጥሎ ሦስተኛው። ፔኔትሬሽን። ይሄን ሁሉም ይወደዋል፤ «መጀመሪያ በርካሽ ሰው ይወቀን፣ ከዚያ እንጨምራለን»። ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ ያሰባችሁ? እጅ አውጡ። ዋው! አዳራሹ በሙሉ።

እሺ ምድጃውን 750 እናድርገው። ከ650 ጋር ያለው ልዩነት 100 ብር ነው። ወርኃዊው 80,000 በ100 ብር በ100 ብር የሚሸፈን ከሆነ ስንት ምድጃ ይፈልጋል? ስምንት መቶ። ልጆቹ ወርክሾፕ ውስጥ ቀን ከሌት ቢበየድ በወር ከ500 አያልፍም። እና በ750 ብር ምድጃው ቢሸጥም ኪሳራ፣ ባይሸጥም ኪሳራ ነው። 500ውም በሙሉ ቢሸጥ ወሩ 30,000 ብር ጎድሎ ያልቃል። የሚያተርፍበት ቁጥር የለም! ገዢው ተሰልፎ፣ «አለቀ፣ ሳምንት ተመለሱ» እየተባለ፣ ወርክሾፑ እየከሰረ ነው። ሰልፉን ያየ ሰው ደግሞ ሚሊየነር ሆኑ ይላል።

በ1,500 ስንሸጥስ? ከአንዱ 850 ይቀራል። 95 ምድጃ ሲሸጥ ወርኃዊው ወጪ ተሸፈነ። 200 ከሸጡ 90,000 ይተርፋል። በ1,020 ያንን የተመኙትን 400 እንኳ ቢሸጡ የሚተርፈው 68,000 ነው። በግማሽ ሥራ የበለጠ ማለት ነው፤ ያውም 200 የሚሆኑ ቡና ሻጮችን ሄዶ ማግኘት ይቻላል፣ 400 ግን ከሐሳብ የመጣ ቁጥር ነው።

«ሳፋሪኮም ግን በርካሽ ጥቅል ገብቶ ሰው ሰበሰበ» አለኝ አንድ ልጅ ባለፈው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳፋሪኮም 2014 ማብቂያ ላይ ከድሬዳዋ ጀምሮ፣ በ2015 መስከረም አዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው። ምሰሶው አንዴ ከቆመ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሰው ሲደውል የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ የእናንተ ምድጃ ግን እያንዳንዱ 650 ብር ይበላል። ሲሙን የገዛ ሰው በየቀኑ ካርድ ይሞላል፤ ምድጃውን የገዛች ሴት ዓመት አትመለስም። አንድ ሰው ሲገባ ጓደኛውን ይስባል። ኩባንያው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኪሳራ እንደሚያልፍ ለባለአክሲዮኖቹ ነግሮ ነው የገባው፤ ኪሳራው በጀት አለው። የእናንተ ኪሳራ በጀቱ የት ነው? የእህታችሁ የዓረብ አገር ገንዘብ?

(ሳቅ)

ትስቃላችሁ፣ ግን ያውላችሁ። ፔኔትሬሽን የሚሠራበት አለ። ዕቃው ቶሎ የሚያልቅና ተመልሶ የሚገዛ ከሆነ፣ ብዛት ሲጨምር የአንዱ ወጪ በእርግጥ የሚወርድ ከሆነ፣ የመጣውን ገዢ ሁሉ ማስተናገድ የሚችል አቅም ካለ። እዚህ ፈሳሽ ሳሙና የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ከምድጃው ይልቅ ይቀርባል፤ ሳሙና በየወሩ ያልቃል። ለእናንተም ግን አንድ ጉድጓድ አለ። የዕቃችሁን ዋጋ ሃያ ብር ትቀንሳላችሁ፣ ባለሱቁ ግን ከጎኑ ካለው ሳሙና ጋር እኩል ያደርገውና ሃያዋን ኪሱ ይከታታል። እናንተ ኪሳራ ላይ ወደቃችሁ፣ ገዢው ርካሽ መሆናችሁን አላወቀም። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ሳትነግሩት አንድ ሰው ልካችሁ ከሱቁ አስገዙ። ዋጋው ጠርሙሱ ላይ ይታተም።

ደግሞ ዋጋ ማውረድ ቀላል ነው፣ መስቀል ግን ጣጣ ነው። ቡና ሻጮቹ ጋ ስንሄድ አንዲት እናት ምድጃውን አንስታ፣ ገልብጣ አይታ፣ «ሰባት መቶ ሃምሳ ከሆነማ ይሄ ሳምንት አይቆይም» አለች። በዚህ ዋጋ እንዲህ ከባድ ምድጃ አታውቅም፣ የሆነ የተደበቀ ነገር አለ ብላ ነው። በርካሽ የገዛው ደግሞ ሲጨመርበት «ትናንት 750 የሸጣችሁልኝን!» ይላል፤ ልክ ነው። ቅናሽ መስጠት ከፈለጋችሁ 1,500 የሚለውን ዋጋ ጽፋችሁ ለጥፉና ለመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ገዢዎች ይሄን ያህል ቀነስን በሉ። ሃምሳ ሲሞላ ያበቃል። ገዢው ትክክለኛውን ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

አዎ፣ እዚያ ጋ እጅህን ያወጣኸው ወንድሜ? ...«ውድ ካደረግነው ምናለሽ ተራ ይቀዱታል» ነው የምትለው። ይቀዱታል። ምናለሽ ተራ ያሉት ባለሙያዎች እኮ አንድ ቀን አይተው በነገታው የሚሠሩ ናቸው። በ750 ብታደርገውም ይቀዱታል፤ የእነሱ ኪራይና ደመወዝ ካንተ ያንሳል፣ በዋጋ አትችላቸውም። ላሜራው ይቀዳል። ሸክላው ግን? ውፍረቱና አተኳኮሱ ልክ ካልሆነ በሁለት ሳምንት ይሰነጠቃል፣ እሱን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ያ ጊዜ ነው ያንተ። በዚያ ውስጥ በ1,500 እየሸጥክ በምታገኘው ገንዘብ ሁለተኛ መጠን ያለውን፣ ለትልልቅ ቁርስ ቤቶች የሚሆነውን ምድጃ ሥራ። ቅጂው ሲመጣ ወደ 1,300፣ ወደ 1,200 መውረድ ትችላለህ፣ ቦታ አለህ። በ750 የጀመረ ግን ወዴት ይወርዳል? መቼ እንደምትወርድ ደግሞ ቡና ሻጮቹ ይነግሩሃል። ለሳምንት ካስቀመጥክላቸው ምድጃዎች ውስጥ የሚመለሰው ሲበዛ፣ «ለምን መለሽው?» ብለህ ጠይቅ። «ከሰል አልቆጠበልኝም» ካለችህ ችግሩ ዋጋው አይደለም፣ ወይ በሩን አልዘጋችም ወይ ላቀች አላት። «እዚያ ማዶ በዘጠኝ መቶ አለ» ካለችህ ግን ያን ጊዜ ሄደህ የማዶውን ግዛና ሸክላውን ሰብረህ እየው።

ሻይ መጥቷል መሰለኝ። የሳሙናዎቹ ልጆች ግን ወረቀታችሁን ይዛችሁ እዚህ ጋ ቅሩልኝ፣ የአንድ ሊትሩን ወጪ አብረን እንሠራዋለን።